አምስት ካርድ ለአንዲት ሱቅ ሠራተኛ

«ሠራተኛ እንፈልጋለን» የምትል በማርከር የተጻፈች ወረቀት የሱቅ መስታወት ላይ ስትለጠፍ፣ ብዙ ነገር ሳትናገር ብታልፍ ማንም አይወቅሳትም። መንገደኛው ቆም ብሎ ወደ ውስጥ ሲያይ ሱቁ ምን እንደሚሸጥ፣ ስንት ሰው እንደሚሠራበት፣ ባለቤቱ ፊቱ ፈታ ያለ ይሁን ኮስተር ያለ በአንድ ጊዜ ይረዳል። የቀረውን ገብቶ ይጠይቃል። ወረቀቷ የጎደላትን ሱቁ ራሱ ይሞላላታል።

ያችው ወረቀት ወደ ስልክ ስትገባ ግን ሱቁ አብሯት አይገባም። የሚያነባት ሰው ቃሊቲ ታክሲ ውስጥ ተቀምጦ ወይም ደብረ ብርሃን ሆኖ ሊሆን ይችላል። መስታወቱን አያይም፣ ባለቤቷን አያውቅም፣ ማስታወቂያው ከወጣ ሁለት ቀን ይሁን ሁለት ወር አይገባውም። ሰሞኑን ትናንሽ ሱቆች የሚያዘወትሩት በጣት እየተገፋ የሚታይ ባለ ብዙ ሥዕል ማስታወቂያ የመጣው ይህን ክፍተት ለመሙላት ነው። ዲዛይነሮች «ካሩሰል» ይሉታል፤ አብዛኛው ሰው ደግሞ «ስላይድ» ብሎ ያልፈዋል።

ኢንስታግራም በአንድ ልጥፍ እስከ 10 ሥዕል መደርደርን የፈቀደው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በየካቲት 2017 ሲሆን፣ በነሐሴ 2024 ቁጥሩን ወደ 20 ከፍ አደረገው። ቴሌግራም በአንድ አልበም እስከ 10 ይቀበላል። ቲክቶክም ፎቶ እየተገፋ የሚታይበት መንገድ አለው። ለሥራ ማስታወቂያ ይህ ሁሉ አያስፈልግም፤ አምስት ይበቃል። ለአማርኛ ግን ጽሑፉን መከፋፈሉ ከሌላው ቋንቋ ይልቅ ይጠቅማል። የፊደላችን ልዩነት ያለው በጥቃቅን እጅና እግር ላይ ነው። «ለ»ን ከ«ሉ»፣ «በ»ን ከ«ቢ» የሚለየው አንዲት አጭር ሰረዝ ናት። ጽሑፉ አንድ ሥዕል ላይ ሲታጨቅ ፊደሉ ያንሳል፤ ሥዕሉ ከስልክ ወደ ስልክ ሲላክ ደግሞ መተግበሪያው ይጨምቀዋል፤ በሦስተኛው ስልክ ላይ ሰረዟ ጠፍታ አንባቢው በግምት ያነባል።

ነገሩን በምሳሌ እንየው። ገርጂ አካባቢ አንዲት የልጆች ልብስ ሱቅ አለች እንበል። ባለቤቷና እህቷ ይሠሩባታል፤ እህት ልትወልድ ስለተቃረበች ሦስተኛ ሰው ያስፈልጋል። ባለቤቷ መጀመሪያ የጻፈችው እንዲህ ይላል፦

«ድርጅታችን ከዚህ በታች በተጠቀሰው የሥራ መደብ ላይ ሠራተኛ አወዳድሮ መቅጠር ይፈልጋል። የሥራ መደብ፦ ሽያጭ። ብዛት፦ 1። ፆታ፦ ሴት። የሥራ ልምድ፦ 2 ዓመትና ከዚያ በላይ። ደመወዝ፦ በስምምነት። ተያዥ ማቅረብ የምትችል። ማስታወቂያው ከወጣበት ቀን ጀምሮ ባሉት 5 የሥራ ቀናት ውስጥ በስልክ ያመልክቱ።»

ይህ ከመንግሥት መሥሪያ ቤትና ከጋዜጣ የተወረሰ አጻጻፍ ነው። ሁላችንም ስለለመድነው ምሉዕ ይመስላል። ስድስት ሜትር በአራት ሜትር የሆነች ሱቅ «ድርጅታችን» እና «አወዳድሮ» ስትል ትንሽ ፈገግ ቢያሰኝም፣ ችግሩ ከዚያ የጠለቀ ነው። ይህን ጽሑፍ በአምስት ሥዕል ቆራርጦ መለጠፍ የአንዱን ወረቀት ጉድለት በአምስት ማባዛት ነው። ስለዚህ ከዲዛይኑ በፊት የሚፈተሹ ነገሮች አሉ።

ከመጨረሻው እንጀምር። «ማስታወቂያው ከወጣበት ቀን ጀምሮ» የሚለው ሐረግ ጋዜጣ ላይ ትርጉም ነበረው፤ ከገጹ አናት ቀኑ ታትሟልና። ሥዕል ግን ቀን የለውም። አንዱ ቻናል ከሌላው ሲወስደው፣ አንዷ እናት ለልጇ ስትልከው «ከወጣበት ቀን» የሚባለው ቀን በየስልኩ ይለያያል። ቀኑን በቁጥር ብቻ መጻፍም አያድንም። «7/2/2018» ለአንዱ ጥቅምት 7 ነው፣ የፈረንጅ አቆጣጠር ለለመደው ደግሞ ያለፈ የካቲት ነው። «እስከ ዓርብ ጥቅምት 7 ቀን 2018 ዓ.ም.» ተብሎ የዕለቱ ስም ሲጨመርበት ማንም አይሳሳትም። ሰዓቱም እንዲሁ ነው፤ «8 ሰዓት» ሳይሆን «ከቀኑ 8 ሰዓት» ተብሎ ይጻፍ፤ አለበለዚያ በፈረንጅ ሰዓት የቆጠረ አመልካች ጠዋት ሱቁ ገና ሳይከፈት በር ላይ ይገኛል።

ቀጥሎ «ደመወዝ፦ በስምምነት» ይመጣል። ባለሱቆች ይህን የሚጽፉበት ምክንያት አላቸው። ጎረቤት ሱቅ እንዳያውቅ፣ ነባሯ ሠራተኛ እንዳትጠይቅ፣ በርካሽ የሚስማማ ሰው ከተገኘም እንዳያመልጥ ነው። የሚከፈልበት ዋጋ ግን አለ። ከ9,000 ብር በላይ የማትከፍል ሱቅ 15,000 የሚጠብቁ ሃያ ሰዎችን ስልክ ስታነሳ ትውላለች፤ እያንዳንዱ ጥሪ የሚያልቀው በአንዲት ጥያቄ ነው፣ «ስንት ነው የምትከፍሉት?» ያ ጥያቄ ካርዱ ላይ ቢመለስ ኖሮ አሥራ ዘጠኙ ባልደወሉ ነበር።

ቁጥሩ ሲጻፍም «ያልተጣራ» ወይም «የተጣራ» መሆኑ አብሮ መነገር አለበት። በሐምሌ 2017 ዓ.ም. በጸደቀው የገቢ ግብር ማሻሻያ መሠረት ከወር ደመወዝ የመጀመሪያው 2,000 ብር ከግብር ነፃ ነው፤ ቀጣዩ 2,000 ብር 15 በመቶ፣ ከዚያ በላይ እስከ 7,000 ያለው 20 በመቶ፣ እስከ 10,000 ያለው 25 በመቶ ይቆረጥበታል። በዚህ ስሌት የ9,000 ብር ደመወዝ ግብር 300፣ 600 እና 500 ተደምሮ 1,400 ብር ይሆናል። ሠራተኛዋ ለጡረታ የምታዋጣው 7 በመቶ ደግሞ 630 ብር ነው። እጇ የሚገባው 6,970 ብር ይሆናል ማለት ነው። ማስታወቂያው ላይ 9,000 አይታ የመጣች ልጅ በመጀመሪያው ወር መጨረሻ ሰባት ሺህ እንኳ ያልሞላ ብር ስትቀበል ተታለልኩ ብትል ልትወቀስ አትችልም። ባለሱቋም በበኩሏ 11 በመቶ የጡረታ መዋጮ፣ ማለትም 990 ብር፣ ከራሷ እንደምትጨምር አስቀድማ ማስላት አለባት።

«ፆታ፦ ሴት» የሚለው ከልማድ የሚጻፍ ነው። የልጆች ልብስ ስለሆነ እናቶች ሴት ይመርጣሉ ይባላል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ግን በፆታ፣ በሃይማኖት፣ በብሔር፣ በአካል ጉዳትና በመሳሰሉት ምክንያቶች በሠራተኞች መካከል ልዩነት ማድረግን ይከለክላል። «ቁመናዋ ያማረ» የሚለው ጭማሪ ደግሞ በየቻናሉ የሚታይ ነውር ነው፤ የሚደውለውን ሰው ዓይነትም ይለውጠዋል። ሱቋ የምትፈልገው ከሕፃን ጋር የመጣችን እናት በትዕግሥት የሚያስተናግድ ሰው ከሆነ፣ መጻፍ ያለበት እሱው ነው።

እዚህ ላይ ቋንቋችን ራሱ ወጥመድ ያስቀምጣል፤ «የምትችል» ሲባል ወንዱ ይወጣል፣ «የሚችል» ሲባል ሴቷ ትቀራለች፣ «የሚችል/የምትችል» ሲባል ደግሞ ከጠባቧ ካርድ ላይ አንድ መስመር ይበላል። መውጫው አክብሮቱ ውስጥ አለ። «ማንበብና መጻፍ የሚችሉ»፣ «በቴሌብር ክፍያ መቀበል የለመዱ» ሲባል ሁለቱም ይገባሉ፣ ጨዋነቱም ይጨምራል፣ ቦታም ይተርፋል።

«2 ዓመት የሥራ ልምድ»ስ? ባለቤቷ ቆም ብላ ብታስብ የምትፈልገው ሁለት ዓመት ሳይሆን ሦስት ነገር ነው። ዋጋ ሳይሳሳት መደመርና መልስ መስጠት፣ ማታ ካዝና መቁጠር፣ የልጅ ዕድሜ ሲነገር ልኩን መገመት። የመጨረሻውን በሁለት ሳምንት ማስተማር ይቻላል። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን በቃለ መጠይቁ ዕለት አሥር ደቂቃ ወስዶ በደረሰኝና በብር መፈተን ይቻላል። መስፈርት ሆኖ ካርድ ላይ መስፈር ያለበት የማይፈተነውና የማይማሩት ብቻ ነው፤ ለምሳሌ ቅዳሜን ሙሉ ቀን መሥራት መቻል፣ ወይም ሱቁ ማታ ሲዘጋ በሰላም መመለስ የሚቻልበት ሰፈር መኖር።

ሰፋ አድርጎ ማየት የሚያሻው የተያዥ ጉዳይ ነው። ገንዘብና ዕቃ በእጁ የሚያልፍ ሠራተኛ ሲቀጠር ዋስ መጠየቅ በሱቅ ዓለም የተለመደ ነው፤ ባለሱቅም ያለዚያ እንቅልፍ አይወስደውም። ግን «ተያዥ ማቅረብ የምትችል» የሚለው ባዶ ሐረግ ሁለቱንም ወገን ይጎዳል። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት የዋስትና ውል በጽሑፍ መሆን አለበት፤ ዋሱ ተጠያቂ የሚሆንበት ከፍተኛ የገንዘብ መጠንም ካልተገለጸ ውሉ አይጸናም። «ለሚደርሰው ጉዳት ሁሉ ተያዥ ነኝ» የሚል ወረቀት የፈረመላት ባለሱቅ አንድ ቀን ካዝናው ሲጎድል ፍርድ ቤት ይዛው የምትሄደው ወረቀት እምብዛም አይረዳትም። ከአመልካቹ በኩል ደግሞ መጠኑ ያልታወቀ ዋስትና ለመፈረም የሚደፍር ዘመድ ማግኘት ከባድ ነው፤ ከክፍለ ሀገር በቅርብ የመጣች ልጅማ ማንን ትጠይቃለች? «እስከ 20,000 ብር የሚደርስ ዋስ፣ የደመወዝ ማስረጃ ያለው አንድ ሰው» ተብሎ ሲጻፍ አጎቷም ያውቀዋል፣ እሷም ከመምጣቷ በፊት ትጠይቀዋለች። ዋስ ካልተገኘ ሌላ መንገድ እንዳለ፣ ለምሳሌ መጀመሪያ ላይ ካዝና ሳይነኩ መሥራት እንደሚቻል፣ ባለቤቷ ከወሰነች ያም እዚያው ይጻፋል።

አሁን ካርዶቹን መደርደር ይቻላል።

የመጀመሪያዋ ካርድ ሰውን በአውራ ጣቱ የምታስቆም ናት። ላይዋ ላይ «የሽያጭ ሠራተኛ» በትልቁ፣ ከሥሩ «የልጆች ልብስ ሱቅ፣ ገርጂ»፣ ከዚያ «9,000 ብር ያልተጣራ፣ ከእሑድ በቀር»። ሌላ ምንም። ብዙዎች እዚህ የሱቁን አርማና «ታላቅ የሥራ ዕድል!» የሚል ጩኸት ያስቀምጡና ሥራው ምን እንደሆነ ሦስተኛው ካርድ ላይ ይነግራሉ፤ እስከዚያ የሚገፋ ትዕግሥት ያለው ጥቂት ነው። ከጀርባ የሚቀመጥ ፎቶ ካስፈለገ ከኢንተርኔት የተወሰደች ፈገግተኛ ፈረንጅ ሳትሆን ራሱ ሱቁ፣ በተለይ ከመንገድ የሚታየው በሩ ቢሆን ይመረጣል። አመልካቹ በኋላ ሲመጣ በሩን ያውቀዋል።

ሁለተኛዋ ስለ ሥራው ትናገራለች፤ «ሽያጭ» ብላ ሳይሆን ቀኑን እየዘረዘረች። ጠዋት መጋረጃ ከፍቶ ልብስ መስቀል፣ ደንበኛ ማስተናገድ፣ አዲስ ዕቃ ሲገባ ቆጥሮ ዋጋ መለጠፍ፣ በቴሌግራም ለሚጠይቁ ፎቶ መላክ፣ ማታ ከባለቤቷ ጋር ሒሳብ መዝጋት። ይህች ካርድ ብቻዋን መቆም መቻል አለባት። ኢንስታግራም አንድ ሰው የመጀመሪያውን ሥዕል ሳይገፋ ካለፈው፣ ሌላ ጊዜ ልጥፉን ከሁለተኛው ሥዕል ጀምሮ ሊያሳየው ይችላልና። ሁለተኛዋ ካርድ «...እና እንዲሁም» ብላ ከመሃል የምትጀምር ከሆነ ያ ዕድል ይባክናል።

ሦስተኛዋ መስፈርቶቹን ትይዛለች፤ ሦስት ወይም አራት መስመር፣ ከነተያዡ። አራተኛዋ ሰዓትና ክፍያ ናት። ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12፣ አንድ ሰዓት የምሳ እረፍት፣ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ቢባል በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ይመጣል፤ አዋጁ መደበኛ ብሎ የሚፈቅደው ጣሪያ ይኸው ነው። ሱቋ እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ከተከፈተች ሁለቱ ሰዓታት የትርፍ ሰዓት ናቸው፤ በዚያ ሰዓት ለሚሠራ ትርፍ ሥራ ክፍያው የመደበኛው አንድ ተኩል ነው። በዓል ሲቃረብ፣ ለእንቁጣጣሽና ለፋሲካ፣ የልጆች ልብስ ሱቅ ማምሸቱ አይቀርም፤ ያም በአንድ መስመር ቢነገር በኋላ ጭቅጭቅ ይቀራል። የሙከራ ጊዜም እዚህ ይገባል። በአዋጁ ከ60 የሥራ ቀናት መብለጥ የለበትም፣ በጽሑፍም መሆን አለበት። በሳምንት ስድስት ቀን ለሚሠራ ሰው ይህ አሥር ሳምንት ያህል ነው። «ሦስት ወር ሙከራ» ብለው የሚለጥፉ ሱቆች ሳያውቁት ከሕጉ ያልፋሉ።

አምስተኛዋ ካርድ እንዴት እንደሚመለከት ትነግራለች፤ አብዛኛው ማስታወቂያ የሚበላሸውም እሷ ላይ ነው። ሥዕል ላይ የተጻፈን ስልክ ቁጥር ነክቶ መደወል ወይም መቅዳት ለብዙዎች አይመችም፤ ቁጥሩ በሥዕሉም ከሥሩ ባለው ጽሑፍም መኖር አለበት። ኢንስታግራም ላይ ከሥር የሚጻፍ ሊንክ ተነክቶ አይከፍትም፤ «ሊንኩን ይጫኑ» ብሎ መጻፍ ሰውን ማድከም ነው። የገርጂዋ ሱቅ ባለቤት ቀኑን ሙሉ ስልክ ማንሳት ካልፈለገች ሰዓቱን ትወስን፦ «ከማክሰኞ እስከ ሐሙስ፣ ከቀኑ 8 እስከ 10 ሰዓት በአካል ይምጡ።» ያ ገበያው ቀዝቀዝ የሚልበት ሰዓት ነው። መምጣት ለማይችል ደግሞ በቴሌግራም ስምን፣ ሰፈርን፣ የት እንደሠሩና መቼ መጀመር እንደሚችሉ እንዲጽፉ ትጠይቅ። ለሱቅ ሥራ ሲቪ መጠየቅ ኮምፒውተር ቤት ሄዶ ለማስጻፍ ብር የሌለውን ከማስቀረት በቀር የሚጨምረው የለም። የመታወቂያ ፎቶም በዚህ ደረጃ አያስፈልግም፤ ለማያውቁት ሰው የተላከ መታወቂያ የት እንደሚደርስ አይታወቅም።

ከሁሉም ካርዶች ግርጌ አንድ ዓይነት ቀጭን መስመር ይደገማል፦ የሱቁ ስም፣ ገርጂ፣ ስልክ፣ እስከ ዓርብ ጥቅምት 7 ቀን 2018። ድግግሞሹ ያለ ምክንያት አይደለም። ቴሌግራም አልበሙን እንደ ንጣፍ አንድ ላይ ደርድሮ ያሳያል እንጂ እያስገፋ ብቻ አያሳይም፤ ሰውም ደስ ያለውን አንዱን ሥዕል መርጦ ለጓደኛው ይልካል። ብዙውን ጊዜ ተለይታ የምትላከው ክፍያው ያለባት አራተኛዋ ካርድ ናት። ግርጌው ላይ ምንም ካልተጻፈባት የማን ሱቅ እንደሆነ የማይታወቅ ደመወዝ ይዛ ከተማውን ትዞራለች።

እንዲህ ያለች ባለቤት የሌላት ካርድ ለአጭበርባሪም ትመቻለች። የሌላ ሱቅን ሥዕል ወስዶ፣ ስልኩን ለውጦ፣ «ለምዝገባ 300 ብር በቴሌብር ያስገቡ» ማለት የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ስለዚህ በመጨረሻዋ ካርድ ላይ «ለምዝገባም ሆነ ለፎርም ገንዘብ አንጠይቅም» የሚል መስመር ሲኖር፣ የተሸወደው ሰው ሱቁ በር ላይ ደርሶ ከሚጮህ ይልቅ ቀድሞ ይጠረጥራል። አመልካቹም ሐሰተኛውን የሚለይበት ቀላል መንገድ አለው። አድራሻው ሄደው የሚያዩት ቦታ መሆኑን፣ ከቃለ መጠይቅ በፊት ብር መጠየቁን፣ ደመወዙ በሰፈሩ ከሚታወቀው እጥፍ መሆኑን ይመልከት። ሕንፃና የሱቅ ቁጥር የሌለው፣ በቴሌግራም ስም ብቻ የሚያነጋግር «ሱቅ» ሱቅ አይደለም።

መጠንን በተመለከተ ጥቂት ይበቃል። 1080 በ1350 ፒክስል የቆመ ሥዕል በኢንስታግራምም በቴሌግራምም ስልኩን ሞልቶ ይታያል። ዋናው ጽሑፍ ከጠርዙ ራቅ ይበል፤ የገጹ ዝርዝር ላይ ሲታይ ዳር ዳሩ ሊቆረጥ ይችላል። በአንድ ካርድ ላይ ከሁለት ዓይነት የፊደል ቅርጽ በላይ አያስፈልግም፤ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን የመሰለ ደልደል ያለ ቅርጽ ጌጠኛ ከሆኑት ይልቅ ሲጨመቅ ይተርፋል። ከመለጠፉ በፊት ሥዕሉን ለአንድ ዘመድ በቴሌግራም ልኮ፣ እሱም ለሌላ አሻግሮ፣ በሦስተኛው ሰው አሮጌ ስልክ ላይ ቁጥሮቹ መነበባቸውን ማየት ከየትኛውም የዲዛይን ትምህርት የበለጠ ይነግራል።

ሰው ሲገኝ ደግሞ ሥራው አላለቀም። ባለቤቷ የመጀመሪያውን ልጥፍ ከማጥፋት ይልቅ ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ አስተካክላ «ሠራተኛ ተገኝቷል፣ እናመሰግናለን» ብትል፣ ዘግይቶ የደረሰው ሰው ቢያንስ ምላሽ ያገኛል። ለመጡት ግን ላልተመረጡት አጭር መልእክት መላክ ይቀራል፤ አንዱ ልጅ ዋስ ብቻ ጎድሎት የቀረ ሊሆን ይችላል፣ ለፋሲካ ሰሞን ጊዜያዊ ሰው ሲፈለግ ቁጥሩ ይጠቅማል። ለተቀጠረችው ደግሞ ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገ ባለሱቋ በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ዝርዝር የያዘ የተፈረመ ጽሑፍ የመስጠት ግዴታ አለባት። እዚህ ላይ አራተኛዋ ካርድ ትመለሳለች፤ ሰዓቱ፣ ደመወዙ፣ የሙከራው ጊዜ ተጽፎባታል፣ ወደ ወረቀት መገልበጥ ብቻ ነው።

የተሻገሩት ሥዕሎች ግን እየዞሩ ይቆያሉ። በኅዳር መጨረሻ አንዱ ከሐዋሳ ይደውልና «ሥራው አሁንም አለ እህቴ?» ይላል። ባለቤቷ ሕፃን ልብስ በአንድ እጇ ይዛ፣ ስልኩን በትከሻዋ ደግፋ፣ «ካርዱ ግርጌ ላይ የተጻፈውን ቀን አይተውታል?» ትለዋለች። ጥቂት ዝምታ ይሆናል፤ ከዚያ ይስቃል።